ድሬ ላይ «እርስዎ» ሲሉሽ የተኮረፍሽ ይመስልሻል

«ጤና ይስጥልኝ። ድሬዳዋ ውስጥ በአንድ ፋብሪካ የሰው ኃይል ክፍል ነው የምሠራው። በየሦስት ወሩ የምትወጣውን የድርጅታችንን ዜና መጽሔት የማዘጋጀውም እኔ ነኝ። አሁን የመጋዘን ኃላፊያችን የግዥና ንብረት መምሪያ ኃላፊ ሆና አድጋለች። ሠራተኛው በጣም ይወዳታል። የእንኳን ደስ አለሽ መልእክት ላኩልኝ ብዬ በቴሌግራም ብጠይቅ 23 መጣ። እንዳለ ብሰጠው ሥራ አስኪያጁ «ይሄ መጽሔት ነው የሰርግ ቪዲዮ?» አለኝ። ቁጭ ብዬ ሁሉንም ወደ ደህና አማርኛ ቀየርኩት። ለላኪዎቹ ሳሳያቸው ደግሞ «ይሄማ የቀብር ንግግር ነው፣ ስሜን አውጪልኝ» አሉኝ። ሦስቱን ልኬላችኋለሁ፣ እኔ የቀየርኩትንም ጭምር። ሁለቱንም ወገን የሚያስማማ ነገር አለ?
ግራ የገባኝ፣ ከሳቢያን»

አንቺ ልበልሽ፣ ድሬ ነንና።

የላክሽውን ሁሉ አነበብኩ። መጀመሪያ ከራስሽ ልጀምር፣ አትቀየሚኝ። ሦስት የተለያዩ ሰዎች የጻፉትን ወስደሽ ሦስቱንም ወደዚህ ዓይነት ነገር ቀይረሻቸዋል፦

«በተሰጠዎት አዲስ ኃላፊነት የተሰማንን ልባዊ ደስታ እየገለጽን መጪው የሥራ ዘመንዎ የተሳካ እንዲሆን እንመኛለን።»

አማርኛው ምንም አይወጣለትም። ችግሩ ሌላ ነው። የሴትዮዋን ስም አውጥተሽ የሌላ ሰው ስም አስገቢበት። ምንም አይጎድልም። የድርጅቱንም ስም ቀይሪው። አሁንም ያው ነው። ላኪዎቹ የቀብር ንግግር ያሉት ለዚህ ነው። ቀብር ላይ የሚነበብ የሕይወት ታሪክ «ቅን፣ ታታሪ፣ ሰው አክባሪ ነበሩ» ሲል ሟቹ ማን እንደሆነ ከፎቶው ካልሆነ አታውቂም።

እኔ የምጠቀምበት ፈተና ቀላል ነው። ስሙን በእጅሽ ሸፍኚና መልእክቱን ለአንድ የፋብሪካው ሠራተኛ አንብቢለት። ስለማን እንደሆነ ካወቀ ሙቀቱ አለ ማለት ነው። ካላወቀ፣ «ልባዊ» የሚለውን ቃል አሥር ጊዜ ብትጨምሪበት አይሞቅም።

ወደ ሥራ አስኪያጁ ስንመጣ፣ እሱን ያስደነገጠው ሙቀቱ አይመስለኝም። ያስደነገጠው «አቦ» ነው፣ «የኔ ቆንጆ» ነው፣ ተደርድሮ የመጣው ቃለ አጋኖ ነው፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ «አንቺ» ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ የጉዳዩ ቁልፍ ያለው እዚህ ነው።

እኛ ድሬዎች «አንተ» እና «አንቺ» ስንል ንቀት የለበትም። ለጎረቤት ሽማግሌም፣ ለባለሱቁም፣ ለአለቃም አንተ ነው። ከአዲስ አበባ የሚመጣ ሰው መጀመሪያ ይደነግጣል፣ ቆይቶ ይለምደዋል። እንዲያውም ከዚራ ላይ ለዓመታት ቡና አብራችሁ የጠጣችሁት ሰው አንድ ቀን ተነስቶ «እርስዎ» ቢልሽ «ምን አጠፋሁ?» ነው የምትዪው። ስለዚህ ወዛደሩ «አንቺ» ብሎ የጻፈውን አንቺ ሁሉንም ወደ «እርስዎ» ስትገለብጪበት፣ ለእሱ ቃሉ ብቻ አይደለም የተቀየረው። ወዳጁን አኩርፎ የጻፈ ነው የመሰለው።

መጽሔቷ ግን ከፋብሪካው ግቢ ትወጣለች። ደንበኛ ያያታል፣ ባንክ ያያታል፣ ዋናው መሥሪያ ቤት ያያታል። እነሱ ዘንድ በታተመ ገጽ ላይ ለመምሪያ ኃላፊ «አንቺ» ማለት አይሄድም። ሥራ አስኪያጁም እውነት አለው።

ታዲያ በአማርኛ ከዚህ ማምለጥ አስቸጋሪ ነው። ተውላጠ ስሙን ብታወጪው እንኳ ግሱ ያጋልጥሻል። «መጣሽ» ካልሽ አንቺ ብለሻል፣ «መጡ» ካልሽ አንቱ ብለሻል። መሃል የለም። የመጀመሪያው ላኪ የጻፈልሽን እንይ፦

«አቦ እንኳን ደስ አለሽ የኔ ቆንጆ!!!!! ያ ጎርፍ በጎርፍ የሆንንበት ሌሊት ጫማሽን አውልቀሽ መጋዘን ገብተሽ ከእኛ ከወዛደሮቹ ጋር ካርቶን ስታነሺ ነው አለቃ እንደምትሆኚ ያወቅኩት ወላሂ!!! ድግሱ መቼ ነው??»

ቆንጆ መልእክት ነው። በዚህች አጭር ጽሑፍ ውስጥ ስድስት ቦታ «አንቺ» አለ፦ አለሽ፣ ጫማሽን፣ አውልቀሽ፣ ገብተሽ፣ ስታነሺ፣ እንደምትሆኚ። ስድስቱንም ወደ አንቱ ብትገለብጪ «ጫማዎን አውልቀው መጋዘን ገብተው ካርቶን ሲያነሱ» ይሆናል። ሰዋስዉ ልክ ነው፣ ግን ደንግጦ ከወንበሩ የተነሳ ሰው ይመስላል። አንቱታው እየተደራረበ ሲሄድ የሚያነበው ሰው ካርቶኑን ትቶ ስለ አክብሮቱ ማሰብ ይጀምራል።

መውጫው ባለቤቱን መቀየር ነው። ዓረፍተ ነገሩ «አንቺ እንዲህ አደረግሽ» ከሚል «እኛ እንዲህ ስናደርግ እንዲህ ያለ ሰው ነበረ» ይበል። ያኔ ግሱ በአብዛኛው ስለ እኛ ወይም ስለ ሦስተኛ ሰው ይሆናል። አንቱታው አንድ ቦታ ብቻ ይቀራል፣ መጨረሻ ላይ። እኔ ብሆን እንዲህ አደርገዋለሁ፦

«ጣሪያው ያፈሰሰበት ያ ሌሊት ትዝ ይለኛል። እኛ ወዛደሮቹ ካርቶን ስናነሳ ጫማዋን አውልቃ ከመሃላችን የገባች አንዲት ኃላፊ ነበረች። የወደፊት አለቃችንን ያን ሌሊት ነው ያየሁት። እንኳን ደስ አለዎት።»

26 ቃል ነው። ስሟ የለበትም፣ ግን ያን ሌሊት የነበረ ሁሉ ያውቃታል። «አንዲት ኃላፊ» ስላልን «ጫማዋን» ማለት ንቀት አይሆንም፤ ስለ አንድ ሰው ታሪክ እየነገርን ነው እንጂ ሴትዮዋን እየጠራናት አይደለም። ወደ እሷ ዞረን የምናናግራት በመጨረሻዋ ቃል ብቻ ነው። እዚያ ላይ አንድ «አለዎት» ለሥራ አስኪያጁም ይበቃዋል።

ምን ምን እንደወጣም ልንገርሽ። «የኔ ቆንጆ» ወጥቷል፤ እሱ እንደ እህት ነው ያላት፣ የማያውቀው አንባቢ ግን ሌላ ያነብበታል። «ወላሂ» ወጥቷል፤ በታሪኩ የታመነ ሰው መሐላ አያስፈልገውም። የድግሱን ጥያቄ አውጥቻለሁ፤ ታትሞ ሲወጣ ግብዣ የመጠየቅ ጫና ይመስላል። እሷ ደግሞ የግዥ ኃላፊ ናት፣ «ግብዣ» እና «ግዥ» አንድ ገጽ ላይ ባይገናኙ ይሻላል።

«ጎርፍ» የሚለውንም ቃል ሆን ብዬ ነው «ጣሪያው ያፈሰሰበት» ያልኩት። ልጁ ለጨዋታ ነው የተጠቀመበት። ግን እኛ ከተማ ውስጥ ጎርፍ የጨዋታ ቃል አይደለም። በ1998 ዓ.ም. ክረምት የደቻቱ ወንዝ በሌሊት ሞልቶ ስንቱን ቤተሰብ እንደወሰደ የሚያስታውስ ሠራተኛ ፋብሪካችሁ ውስጥ መኖሩ አይቀርም። ቴሌግራም ላይ ያልፋል፣ ታትሞ ሲቀመጥ ግን ያቆስላል።

ሁለተኛው መልእክት ከጄኔሬተር ክፍሉ አዛውንት የመጣው ነው። ከሦስቱ በጣም የወደድኩት እሱን ነው። ሞዴል 22 የሚሉት ዕቃ ከመጋዘን የሚወጣበት ቅጽ ነው።

«ልጄ አላህ ከፍ ያድርግሽ። ለጄኔሬተሩ ቀበቶ ልወስድ መጥቼ ያለ ሞዴል 22 አልሰጥም ብለሽ የመለስሽኝ ቀን በጣም ተናድጄብሽ ነበር። በማግስቱ ኦዲተር መጣ። አንቺ ልጅ ያን ቀን አዳንሽኝ።»

እዚህ ላይ የመጀመሪያውን ብልሃት እንዳለ ብትወስጂው አይሠራም። እኚህ ሰው በዕድሜ አባቷ ናቸው። አባት የሚሆን ሰው ልጁን «እርስዎ» ሲል ታትሞ ቢወጣ፣ ፋብሪካው በሙሉ ይስቃል፣ እሳቸውም ስማቸውን ያስወጣሉ። ስለዚህ ለእሳቸው «እሷ» ይፈቀድላቸው። ነገር ግን ከደንቡ የወጡበት ምክንያት ከመጀመሪያው ቃል ይታይ፦

«በዕድሜ ልጄ ናት። አንድ ቀን የጄኔሬተር ቀበቶ ልወስድ ሄጄ «ያለ ሞዴል 22 አልሰጥም» ብላ ባዶ እጄን መለሰችኝ። ተናደድኩ። በማግስቱ ኦዲተር ሲመጣ ግን ንዴቴ ወደ ምስጋና ተለወጠ። አላህ ከፍ ያድርጋት።»

«በዕድሜ ልጄ ናት» ስላሉ ከዚያ በኋላ ያለው «እሷ» ሁሉ የአባት ሆኗል። ማንም ድፍረት ነው አይልም። ንዴታቸውንም እንዳለ ትቼዋለሁ። ሥራ አስኪያጁ «ተናደድኩ የሚል ቃል በእንኳን ደስ አለሽ ውስጥ?» ሊልሽ ይችላል። ተከራከሪው። መልእክቱን የሚያሞቀው ይሄ ንዴት ነው። ሽማግሌ ተቆጥቶባትም ወረቀቱን ያልዘለለች ሴት የንብረት ኃላፊ ሆነች ማለት ምን እንደሆነ መጋዘን የሚያውቅ ሁሉ ይገባዋል። «ደንብና መመሪያን የሚያከብሩ» ብለሽ ብትጽፊው ይሄን ግማሹን አይነግርም።

አንድ ቃል ግን የግድ መውጣት ነበረበት፦ «አዳንሽኝ»። በአፍ ሲነገር ምስጋና ነው። ሲታተም ግን ሰውየው ሊያዙ ሲሉ ያመለጡ ይመስላል። አንድ ኦዲተር ያን መጽሔት ቢያነብ «ከምን?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። መልእክት ስታስተካክዪ ምርቃቱን ብቻ ሳይሆን ላኪው ሳያውቅ በራሱ ላይ የመሰከረውንም ፈልጊ።

«አላህ» የሚለውስ? እኔ አልነካውም። ሰውየው በራሳቸው ስም የጻፉት ምርቃት ነው፣ ምርቃቱም የእሳቸው ነው። ሌላዋ «እመብርሃን ትርዳሽ» ብላ ብትልክም እንዲሁ እተወዋለሁ። አንቺ «ለሁሉም ይሆናል» ብለሽ በራስሽ ሥልጣን «ፈጣሪ» እንዳታደርጊው። እንዲቀየር ከተፈለገ ባለቤቱ ይጠየቅ። በድርጅቱ ስም በሚወጣው መልእክት ላይ ግን የየትኛውም እምነት ስም ባይገባ ይሻላል። «ሥራዎ የተቃና ይሁን» እዚያ ይበቃል።

ሦስተኛው ከሒሳብ ክፍል የመጣው ነው። ይሄ አደገኛ ነው።

«በመጨረሻ! ድሮም ሥራውን የምትሠሪው አንቺ ነበርሽ፣ ሰውዬው ማህተም ብቻ ነው የያዘው። ሰኔ 30 ቆጠራው ያለ ጭቅጭቅ ያለቀው ባንቺ ነው። ሴት ሆነሽ እንደ ወንድ ሠራሽ!»

ውስጡ ሦስት ድንጋይ አለ። የመጀመሪያው የቀድሞው ኃላፊ ላይ የተወረወረ ነው። እሱ አሁን ዋና መሥሪያ ቤት ሊሆን ይችላል፣ ጡረታም ወጥቶ መጽሔቷ በፖስታ ትደርሰው ይሆናል። ሁለተኛው «በመጨረሻ» የሚለው ነው። ደስታ ይመስላል እንጂ «እስካሁን ተከልክላ ነበር» የሚል ክስ ነው። ሦስተኛው «እንደ ወንድ» ነው። ላኪዋ ሴት መሆኗን ጽፈሽልኛል፣ አልገረመኝም። ሙገሳ ብላ ነው የጻፈችው፣ ግን ገጹን የሚያነቡት ሌሎች ሴቶች ምን እንደሚሰማቸው አስቢ።

ሦስቱንም ስታነሺ ብዙ ሰው «ምንም አልቀረም» ብሎ ወደ «ልባዊ ደስታ» ይሮጣል። አንቺም ያደረግሽው ይሄንኑ ነው። ቀርቷል እኮ! መሃል ላይ ሰኔ 30 ቁጭ ብሏል። የበጀት ዓመቱ የሚዘጋበት ቀን፣ ቆጠራ፣ የመጋዘኑ ካርድና የሒሳብ ክፍሉ መዝገብ አልገጥም ብለው እስከ ምሽት የሚያስቀምጡበት ጊዜ። ለላኪዋ ደውዪላትና «ያን ሰኔ ምን ሆነ?» በያት። እኔ የምገምተውን ልጻፈው፣ አንቺ በትክክለኛው ትተኪዋለሽ፦

«ሰኔ 30 ሲመጣ ሒሳብ ክፍል ቤቱን ይረሳል። ከእርስዎ መጋዘን የሚመጣው ዝርዝር ግን ከመዝገባችን ጋር ስለሚገጥም ቆጠራው ባለቀ ዕለት በጊዜ ቤታችን ገብተናል። ልጆቻችንም ያመሰግኑዎታል። እንኳን ደስ አለዎት።»

ስለ ልጆቹ ያልኩት የእኔ ጭማሪ ነው፤ ላኪዋ ልጅ ከሌላት አውጪው። ለሰው አፍ የሌለውን ታሪክ አትስጪ። እዚህ ላይ ጠንካራ ነኝ። ቃል መቀየር ይፈቀዳል፣ ያልሆነ ነገር መጨመር አይፈቀድም። ላኪዋ «በጊዜ ቤት መግባት» የሚለውን ካልነገረችሽ እሱም ይውጣ።

ስለ አንቱታው አንድ የምትሳሳቺበትን ቦታ ልጠቁምሽ፣ በላክሽው ውስጥ ሁለት ጊዜ አይቼዋለሁ። «እርስዎ» እና «እሳቸው» ግሳቸው አንድ ነው፤ «ነበሩ» ስትዪ ሁለቱንም ሊሆን ይችላል። የሚለያዩት በቅጥያው ነው። «ጫማዎን» ካልሽ ፊት ለፊት እያናገርሻት ነው፣ «ጫማቸውን» ካልሽ ስለ እሷ ለሌላ ሰው እያወራሽ ነው። አንቺ «ላሳዩት ትጋት ልናመሰግናቸው እንወዳለን፣ እንኳን ደስ አለዎት» ብለሻል። ሲጀምር ለእኛ ያወራና ሲጨርስ ወደ እሷ ይዞራል። ግሱ ስለማያጋልጠው ዓይን ያልፈዋል። ስትጨርሺ «ዎ» እና «ቸው» ያለበትን ብቻ እየፈለግሽ አንብቢ። ዜናው ራሱ፣ ማለትም «የመምሪያ ኃላፊ ሆነው ተመደቡ» የሚለው፣ በ«ቸው» ይጻፍ። ከሥሩ ያሉት መልእክቶች በ«ዎ»።

አጻጻፉን በተመለከተ፣ «አሎት» አይደለም «አለዎት» ነው፣ «እርሶ» አይደለም «እርስዎ» ነው። አፋችን ያሳጥረዋል፣ ወረቀት ላይ ግን የመጽሔቷን ዋጋ የሚጥለው ይሄ ነው። «ደስ አለዎት» እና «ደስ ያለዎት» ሁለቱም ይጻፋሉ፤ አንዱን ምረጪና እስከ መጨረሻው እሱን ያዢ።

የቀሩትን 20 አልላክሽልኝም። ግን ግማሾቹ «ኮንግራ» ከእሳት ሥዕል ጋር እንደሆኑ እወራረዳለሁ። እነሱን አታስተካክዪ። የሚስተካከል ነገር የለባቸውም፤ ካስተካከልሽ ከራስሽ ነው የምትጽፊው። ይልቅ ለአምስት ስድስቱ መልሰሽ ጻፊላቸው። «ስለ እሷ ምን ትወዳለህ?» ብለሽ እንዳትጠይቂ፤ «ቅንና ታታሪ ናት» ይልሽና ወደ ቀብሩ ትመለሻለሽ። «ከእሷ ጋር የሠራህበትን አንድ ቀን ንገረኝ፣ በድምፅ ላክልኝ» በይው። ሰው በድምፅ ሲያወራ ቀኑንም፣ ዝናቡንም፣ ቀበቶውንም ይናገራል። አንቺ ከዚያ ውስጥ አንዷን ታወጫለሽ።

ለመመለስ ጊዜ ያጡትን በአንድ መስመር ሰብስቢያቸው። «የሚከተሉት ባልደረቦችም መልካም ምኞታቸውን አስተላልፈዋል» ብለሽ ስማቸውን በፊደል ተራ፣ ከሀ ጀምረሽ፣ ደርድሪ። በሥልጣን ከደረደርሽ የሚያኮርፍ አይጠፋም። 23ቱም ሙሉ መልእክት አንድ ገጽ ላይ አይሆንም። እንደ ላይኞቹ ከ25 እስከ 35 ቃል የሆኑ ስምንት መልእክቶችና አንድ ፎቶ ገጹን ይሞሉታል።

የሥራ አስኪያጁም መልእክት መኖሩ አይቀርም፣ ምናልባትም ከገጹ አናት ላይ የሚቀመጠው እሱ ነው። እሱ ዘንድ ችግሩ ተገላቢጦሽ ነው፤ ጨዋነቱ ሞልቶ ሰው የለበትም። «ለድርጅቱ ዕድገት ላበረከቱት የላቀ አስተዋጽኦ» የሚል ከሆነ «የትኛው አስተዋጽኦ?» ብለሽ መጠየቅ አትፍሪ። በትህትና፣ ለምሳሌ «አንባቢ እንዲያውቀው አንድ ሥራቸውን ብንጠቅስ ምን ይመስልዎታል?» ብለሽ። ዘንድሮ ያደረገችውን አንድ ነገር ከነገረሽ፣ «የላቀ» የሚለው ቃል በራሱ ጊዜ ይወጣል። እሱ በድርጅቱ ስም ስለሚናገር «እህታችን» አይበል፤ ያን ቃል ለሥራ ባልደረቦቿ ተዪላቸው። ባልደረባ «እህታችን» ሲል ጨዋም ሞቅ ያለም ነው፣ አለቃ ሲለው ግን የእናትና አባት ቤት ይመስላል።

ማዕረጓን ራሷን ጠይቂያት። ወ/ሮ ነው ወ/ሪት? ይሄን ከሰው ወሬ ወስዶ ያተመ ሰው በኋላ የሚደበቅበት ያጣል። ማዕረጉ ርዕሱና ዜናው ላይ አንዴ ከተጻፈ በየመልእክቱ መደጋገም የለበትም። የቅጽል ስሟን ግን የትም እንዳታስገቢ። ድሬ ውስጥ ቅጽል ስም የሌለው ሰው የለም፣ አንዳንዱን ደግሞ ሰዉ በአባቱ ስም ቢጠሩት ማን እንደሆነ አያውቀውም። ቢሆንም ባንክ ውስጥ ተቀምጦ ለሚያነባት ሰው አይሆንም።

አሁን ከሁሉ በፊት ማድረግ ያለብሽን ልንገርሽ፤ ወደ መጨረሻ ያመጣሁት እኔን ስላሳፈረኝ ነው። የምደባ ደብዳቤዋን አውጥተሽ አንብቢ። «የደረጃ ዕድገት» ይላል ወይስ «ምደባ»? «ተጠባባቂ» ወይም «በውክልና» የሚል ቃል የለበትም? አንቺ «አድጋለች» ብለሽ ጽፈሽልኛል፣ ሠራተኛውም እንዲያ ብሎ ያወራ ይሆናል። መጽሔቷ ግን ደብዳቤው ያለውን ነው ማለት ያለባት።

ከዓመታት በፊት አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ያንቺን ሥራ እሠራ ነበር። አንድ ባልደረባችን ኃላፊ ሆነ ተባለ። ደስ ብሎኝ ሙሉ ገጽ ሠራሁለት፣ «ሹመት ያዳብር» የሚል ርዕስ በትልቁ አድርጌ። ደብዳቤው ላይ «በተጠባባቂነት» የምትል ቃል ነበረች። አይቻታለሁ። «ገጹን ታበላሸዋለች» ብዬ ተውኳት። ከሦስት ወር በኋላ ሌላ ሰው ተመደበ። ባልደረባችን ወደ ድሮ ወንበሩ ተመለሰ፤ ገጹን በፍሬም አድርጎ ቤቱ ግድግዳ ላይ ሰቅሎት እንደነበር የሰማሁት በኋላ ነው። ለረጅም ጊዜ ሲያየኝ መንገድ ይቀይር ነበር።

«ሹመት ያዳብር»ንም ከዚያ ወዲህ ተጠንቅቄ ነው የምጠቀመው። ውብ ምርቃት ነው፣ ግን ክብደቱ የሹመት ነው። ለፋብሪካ የደረጃ ዕድገት ርዕስ ሲሆን ትንሽ ያሾፈ ይመስላል። ሽማግሌ በመልእክቱ ውስጥ ካለው ይቆይ፣ አንቺ ግን ርዕስ አታድርጊው።

ሲያልቅ እያንዳንዱን መልእክት ለላከው ሰው መልሰሽ ላኪለት። ሁሉንም በአንድ ላይ አትላኪ፣ አንዱ የሌላውን አይቶ «የእኔም እንዲያ ይሁን» ይላል። ለየብቻ ላኪና «ይሄ አንተ ነህ?» በይው። «ደህና ነው» ካለሽ አትመኚ፣ ስላልወደደው ሊሆን ይችላል። «አዎ፣ እንዲያ ነው ያልኩት» ካለሽ ተሳክቶልሻል፤ ከ26 ቃሉ ውስጥ ግማሹ ያንቺ መሆኑን አላወቀም ማለት ነው። «እኔ እንዲህ አልልም» ካለሽ የትኛው ቃል እንደሆነ ጠይቂው። ብዙ ጊዜ አንድ ቃል ብቻ ነው።

ለወዛደሩ ልጅ የድግሱ ጥያቄ ለምን እንደወጣ ንገሪው። የቴሌግራም ግሩፑ ላይ ይጠይቃት፤ እዚያ «አቦ» ማለትም፣ ቃለ አጋኖ መደርደርም አይከለከልም።